የአቀንጭራ ዘር ዕዳ
(በወልድያ በተካሄደ የግብርና ምርምር ጉባኤ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

እርሻችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ተመራማሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከሰቆጣና ከላሊበላ የወረዳችሁ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ከቆቦ ማለዳ የተነሳችሁ፣ ሁላችሁም ቤታችሁ ነው።

የዘንድሮ ጉባኤያችን የሚነጋገረው ስለ አንድ አረም ነው። ስለ አቀንጭራ። ጽሑፍ ያቀረባችሁ ባለሙያዎች ስለ አፈር፣ ስለ ዝርያ፣ ስለ ከብት መኖ፣ ስለ ጎርፍ ውኃ ትናገራላችሁ። እኛ አዘጋጆቹ ግን ሁሉንም በዚህ አረም በኩል እንድታዩልን ለምነናችኋል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ስሙን ልብ በሉ። አቀንጭራ ያቀነጭራል። ልጅ ምግብ ሲጎድለው ቀነጨረ እንላለን፤ ማሽላም ይቀነጭራል። ይህን ስም ያወጣው አርሶ አደር ጉዳቱን በደንብ አይቷል። አረሙ እንደ ሌላው አረም ቦታ ተሻምቶ ወይም ጥላ ጥሎ አይደለም የሚጎዳው። ከማሽላው ሥር ጋር ይጣበቅና ውኃውንም ምግቡንም ከውስጥ ይስባል። ማሽላው ቆሞ ይታያል፣ ግን አያድግም።

ከራያ ቆቦ ሜዳ እስከ ቃሉ ቆላ ድረስ ማሽላ የሚያርስ ሰው ነሐሴና መስከረም ላይ ያቺን ወደ ሐምራዊ የምታደላ ሮዝ አበባ ያውቃታል። ለማያውቃት ሰው ታምራለች። እኔም ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያየኋት ከመንገድ ዳር ሆኜ ነበር፤ አበባ የተዘራበት ማሳ መስሎኝ ቆም ብዬ አየሁ። የማሳው ባለቤት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። አንድ የማሽላ እግር ነቅለው ሥሩን በኮዳቸው ውኃ አጠቡና ሰጡኝ። ሥሩ ላይ ነጫጭ፣ ለስላሳ፣ ገና አፈሩን ያልበሱ የአቀንጭራ ቡቃያዎች ተጣብቀው ነበር። ከላይ ካየኋቸው አበቦች በጣም ይበዙ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ያ ሥር ነው ማለት ይቻላል። ከላይ የምናየው አቀንጭራ የጉዳዩ ማብቂያ ነው። አረሙ ከማሽላው ሥር ጋር ከተጣበቀ በኋላ ከመሬት በታች ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰውም በዚያ ጊዜ ነው። አፈሩን በስቶ ሲወጣ ማሽላው ብዙውን ጊዜ ተጎድቶ አብቅቷል። ስለዚህ አበባ ስናይ ብናርም የዘንድሮውን ማሽላ ብዙም አናድነውም። የምናድነው የከርሞውን ነው። ይህን ለአርሶ አደሩ በግልጽ ያልነገርነው ይመስለኛል። አቀንጭራ አርሞ ምርቱ ያልተሻሻለለት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይደክማል? ትርፉ ከርሞ እንደሚመጣ ማን ነገረው?

አሁን ወደ ዘሩ እንሂድ። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ ነው። ርዝመቱ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እንኳን አይሞላም። በውስጡ የያዘው ስንቅ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም፤ ይጠብቃል። መጀመሪያ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ አንድ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል። ከዚያ በኋላም አንድ ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱ ከማሽላው ሥር የሚወጣ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ያ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ሥር ቅርብ እንዳለ ያውቃል፤ ያኔ ይበቅላል። ካልደረሰው አሥር ዓመትም ከዚያ በላይም ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል።

ማሽላው ታዲያ ለጠላቱ ለምን ምልክት ይሰጣል? ለጠላቱ ብሎ አይደለም። በአፈር ውስጥ ከእጽዋት ሥር ጋር ተስማምተው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ፎስፈረስ ፈልገው ለተክሉ ያመጡለታል። ተክሉ የሚጠራው እነሱን ነው። አፈሩ ሲደክምና ፎስፈረስ ሲያንስ ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ ያንን ጥሪ ሰርቆ ይሰማል። አርሶ አደሮቻችን አቀንጭራ የሚበዛው በደከመ መሬት ነው ሲሉ የኖሩት እውነት ነው፤ አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። መሬቱ ሲራብ ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፣ አቀንጭራውም አብዝቶ ይበቅላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዓይነቱ ንጥረ ነገር መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። የተገኘው ግን ከማሽላ ሥር አይደለም፤ ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥን ደግሞ የኛ አቀንጭራ አያጠቃውም። ይህ ምን ማለት ነው? ጥጥ ይጣራል፣ የአቀንጭራ ዘርም ሰምቶ ይበቅላል፣ ግን የሚጣበቅበት ስለማያገኝ ይሞታል። ጥጥ ዘሩን አታሎ ይገድለዋል ማለት ነው። ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ለውዝም ይህን ሥራ ይሠራሉ። እኩል ግን አይሠሩም፤ በአንዱ ሰብል ውስጥ እንኳን አንዱ ዝርያ ከሌላው ይበልጣል። በቃሉና በአካባቢው አርሶ አደሩ ለገበያ የሚያመርተው ማሾም አለ። ከማሾ ዝርያዎቻችን የአቀንጭራን ዘር አብዝቶ የሚያስበቅለው የትኛው ነው? ይህን ለክቶ ውጤቱን በእጁ የያዘ ካለ ከሰዓት በኋላ ሰዓት እንሰጠዋለን።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። የጉባኤውን ርዕስ ዕዳ ያልንበት ምክንያት እዚህ ውስጥ ነው።

አንድ ጥማድ መሬት እንውሰድ። በግምት ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ መሬት ላይ 100 አቀንጭራ አብቦ ዘሩን አራገፈ እንበል። በአንድ ጥማድ 100 አቀንጭራ ብዙ አይደለም። ብዙ ሰው ዘንድሮስ ቀንሷል ብሎ ያልፈዋል። አንዱ አቀንጭራ እስከ 50,000 ዘርና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ እኛ 50,000 እንያዝ። 100 ጊዜ 50,000 አምስት ሚሊዮን ነው። ለ2,500 ካሬ ሜትር ስናካፍለው በአንድ ካሬ ሜትር 2,000 ዘር ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ቤተሰቡ ጎበዝ ነው እንበል። ከመቶው ዘጠናውን ዘር ሳይዝ ነቅሎታል። አሥር ብቻ አመለጠው። እነዚያ አሥሩ 500,000 ዘር ይጥላሉ። በካሬ ሜትር 200 ማለት ነው። በመስመር በተዘራ ማሳ በካሬ ሜትር ዘጠኝ ያህል የማሽላ እግር ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ እግር ከ20 በላይ የአቀንጭራ ዘር ደረሰው። ሁሉም አይበቅልም። ግን ማሽላን ለማቀንጨር ሁሉም መብቀል የለበትም።

በሌላ በኩል ዕዳውን መክፈል እንሞክር። ያ 2,000 ዘር ያለበት መሬት ለሦስት ዓመት ማሽላና በቆሎ አያይም፣ የሚያታልል ሰብል ይዘራበታል፣ አንድም አዲስ ዘር አይገባበትም እንበል። በየዓመቱ ካለው ሲሶው ይቀንሳል ብለን እናስላ። ይህን ሲሶ ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት፤ ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሰብሉ፣ እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ይለያያል። 2,000 የነበረው መጀመሪያ 1,333፣ ቀጥሎ 889፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 593 ይሆናል። ሦስት ዓመት ተለፍቶ ገና ወደ 600 ዘር አለ። በአራተኛው ዓመት ማሽላ ተዘርቶ፣ ቤተሰቡ በሕመም ወይም በሌላ ችግር ሳያርም ቀርቶ 100 አቀንጭራ ቢያራግፍ ሌላ 2,000 ይጨመራል። የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ መስከረም ሄደ።

የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ሙከራ አድርገን አቀንጭራ ቀነሰ ብለን መጻፍ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የምንቆጥረው ከመሬት በላይ የወጣውን ነው። ዝናቡ ሲለያይ የሚወጣው ቁጥርም ይለያያል። ከታች ያለው ዘር ሳይነካ ከላይ ያለው ሊቀንስ ይችላል። ከአሁን በኋላ ከሙከራ መሬታችን አፈር ወስደን፣ በወንፊት አጥበን፣ ዘሩን በማጉያ ብንቆጥር ደስ ይለኛል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕዳውን ሳንቆጥር ተከፈለ ማለት አንችልም።

ስለ ዝርያዎች ደግሞ ቆም ብዬ ልናገር። በዚህ ነገር ሀገራችን የምትኮራበት ሥራ አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ የምርምር መስመር የመጡ ጎብዬና አብሽር የሚባሉ ዝርያዎች ለኛ አርሶ አደር ተለቀዋል፣ ብርሃንም ተከትሏል። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው ጎብዬ ከተማን ያልፋል። አብሽር የሚለውን ቃል ደግሞ ለወሎ ሰው አላስተምርም። ሲከፋን የምንባባለው ነው። ከወልድያ በስተደቡብ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በቆላ ማሽላ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ባልደረቦቹ ዛሬ እዚህ አሉ፤ እናመሰግናለን።

እነዚህ ዝርያዎች እንዴት ይሠራሉ? ዋናው ምስጢር የማሽላው ሥር አቀንጭራን የሚያስበቅለውን ምልክት በጣም አሳንሶ መልቀቁ ነው። ዘሩ ጥሪውን አይሰማም፣ አይበቅልም፣ ማሽላው ይተርፋል። ግሩም ነገር ነው። ግን አንድ እርምጃ ወደፊት እናስብ። ያልበቀለ ዘር የት ሄደ? የትም አልሄደም። አፈር ውስጥ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት ያው መሬት ላይ ደጋሌት የሚባለው ነባሩ ማሽላችን ቢዘራ ዘሩ እዚያው ይጠብቀዋል። የሚቋቋም ዝርያ የዘንድሮን እንጀራ ያድናል፣ አዲስ ዕዳም እንዳይገባ ያደርጋል። የድሮውን ዕዳ ግን ቶሎ አይከፍልም። የድሮውን የሚከፍለው እንደ ጥጥና ሰሊጥ ያለው አታላይ ሰብል ነው። ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። እኛ ግን በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እንደ አማራጭ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል፤ አንዱን የወሰደ ሌላውን የሚተው ይመስል። ተከታትለው የሚሄዱ ናቸው።

ሌላው ጥያቄ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዝርያው ካለ አርሶ አደሩ ለምን ሁልጊዜ አይዘራውም? ይህን ጥያቄ በወቀሳ ድምፅ የሚጠይቅ ሰው ስሰማ ያመኛል። መልሱ ማሳው ላይ አለ። ደጋሌት ረጅም ነው። በበልጉ ዝናብ ሚያዝያ አካባቢ ይዘራል፣ እስከ ኅዳር ይቆያል። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የአጥርና የጎጆ መሥሪያ ነው። አዲሶቹ ዝርያዎች አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። በጋውን በሬ የሚቀልበው ሰው ከፍሬው ጋር አገዳውንም ይመዝናል። በዚያ ላይ ሌላው ማሽላ ገና ሲያብብ ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ማሳ ወፍ ሁሉ የሚያርፍበት ይሆናል። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወረውር የለም። ይህ ሰው የኛን ዝርያ ሲተወው በደንብ አስልቶ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው አጭሩን ዝርያ የሚዘራው በልጉ ሲከዳው፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ነው። በልጉ ሲሰምር ወደ ደጋሌት ይመለሳል። አቀንጭራውም በዚያ ዓመት ዘሩን ይሞላል። አገዳው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር የለም። አፈሩ ይደክማል፣ ጥሪው ይበዛል። ዝርያ አዳቃይ ባልደረቦቻችን እንግዲህ የምንለምናችሁ ከባድ ነገር ነው። ያንን አቀንጭራን የማይጠራ ሥር ለረጅሙ፣ አገዳው ለሚወደደው ማሽላ አምጡልን። አጭሩን ይቀበሉ ከማለት ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ወጣት ተመራማሪዎች የምትጠነቀቁበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ነው። አቀንጭራ በማሳ ውስጥ እኩል አይበተንም። እዚህ ጥቅጥቅ ይላል፣ አሥር እርምጃ አልፎ ምንም የለም። አንድ ጊዜ በሙከራ መሬት ላይ አንድ ዝርያ ንጹሕ ሆኖ ቆመልኝ። በጣም ተደሰትኩ፤ ጻፍኩትም። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ሲቀየር ያው ዝርያ በአቀንጭራ ተሸፈነ። ዝርያው የሚቋቋም አልነበረም። መጀመሪያ የተዘራበት ቁራሽ መሬት ውስጥ ዘር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከምፈትነው ከእያንዳንዱ ዝርያ ጎን በአቀንጭራ በቀላሉ የሚጠቃ ማሽላ አብሬ እዘራለሁ። ጎረቤቱ በአቀንጭራ ተጠቅቶ እሱ ንጹሕ ከሆነ አምነዋለሁ። ጎረቤቱም ንጹሕ ከሆነ ስለ ዝርያው ምንም አላወቅሁም። በዚህ ጉባኤ ውጤት ስታቀርቡ፣ በአጠገቡ ያለው ምን ሆነ ብለን ብንጠይቃችሁ አትከፉ።

ለልማት ጣቢያ ባለሙያዎች ደግሞ ስለ ነቀላው። ገና ብቅ ሲል መንቀል ብዙ አይጠቅም፤ ከሥር ሌላ ይተካል፣ ጉልበትም ያልቃል። ጥሩው ጊዜ ማበብ ሲጀምር፣ ዘሩ ሳይደርስ ነው። አብቦ የቆየ አቀንጭራ ከተነቀለ በኋላ ከማሳው ዳር መጣል የለበትም፤ ተጥሎም ዘሩን ሊያበስል ይችላል። ከማሳ አውጥቶ ማቃጠል ነው። ለከብትም አይሰጥ። ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ ከእበት ጋር ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። በራያ ቆቦ በኩል ያላችሁ ደግሞ የጎርፍ ጠለፋውን አስቡ። ከላይኛው ማሳ የወረደው ጎርፍ ለምለም ደለል ያመጣልናል። የላይኛው ጎረቤት አቀንጭራ ካራገፈ ዘሩንም ያመጣልናል። ስለዚህ ነቀላው የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አይሳካም። ወንፈልና ደቦ የምናውቅ ሰዎች ነን። መስከረም ላይ በአንድ ጠለፋ የሚጠጡ ማሳዎች በሙሉ በአንድ ሳምንት ቢነቀሉ ምን ይመጣል? ይህን በተራ ሙከራ መሬት ልንፈትነው አንችልም። ከአርሶ አደሮቹ ጋር ቁጭ ብለን ማቀድ አለብን። የነገ ከሰዓት በኋላውን ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ነፃ አድርገነዋል። መድረኩን የሚመሩት ከቆቦ የመጡ አባቶች ናቸው፤ እኛ ማስታወሻ እንይዛለን።

ንግግሬን እዚህ ላቁም። ቡና ከመጠጣታችን በፊት አንድ ነገር አለ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትናንት ከማሳ የተነቀሉ ስድስት የማሽላ እግሮች በትሪ ውኃ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ጤነኞች ናቸው፣ ሦስቱ አቀንጭራ የያዛቸው። በአንዱም ማሳ ላይ አቀንጭራው ገና ከመሬት አልወጣም ነበር። ከላይ ሲታዩ ሦስቱ ውኃ የጠማቸው ነው የሚመስሉት፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነበር። ማጉያም አስቀምጠናል። ሥሩን አንስታችሁ፣ አጥባችሁ እዩ፤ ከዚያ የትኞቹ እንደሆኑ በወረቀቱ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ አቅራቢ የሚጀምሩት ከእናንተ መልስ ነው።